ሆመር ዑመር ሲባል

በ2005 (እ.ኤ.አ.) የረመዳን ወር ኤምቢሲ የተባለው የዓረብ ቴሌቪዥን ጣቢያ «ዘ ሲምፕሰንስ» የተሰኘውን የአሜሪካ ካርቱን «አል ሻምሹን» ብሎ በዓረብኛ ድምፅ አቀረበው። ሆመር ዑመር፣ ማርጅ ሞና፣ ባርት በድር፣ ሊሳ ቢሳ ተባሉ። የአባትየውን የሆመርን ድምፅ የተጫወተው ስመ ጥሩ ግብፃዊ ኮሜዲያን ሙሐመድ ሄነዲ ነበር። ያም ሆኖ ከተዘጋጁት 52 ክፍሎች ለተመልካች የደረሱት 34 ብቻ ናቸው።

ስሞቹ ላይ ብዙም የሚነቀፍ ነገር የለም። ዳብ የተደረገ ሥራ የሚመዝን ሰው መጀመሪያ የሚያየው ከንፈር ነው። መ፣ በ እና ፐ ሲነገሩ ሁለቱ ከንፈሮች ይገጥማሉ፤ አፍና ድምፅ ሲለያዩም ዓይን ቶሎ የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። ሆመርም ዑመርም መሐላቸው ላይ «መ» አላቸው፤ ማርጅና ሞና በ«መ»፣ ባርትና በድር በ«በ» ይጀምራሉ። ያፈነገጠችው ቢሳ ናት፤ «ሊ» ሲባል ከንፈር አይገጥምም። የካርቱን አፍ በጥቂት መስመር ስለሚሳል ይህን ይሸፍናል። ካሜራ ፊቱ ድረስ የቀረበው ተዋናይ ግን አይሸፍንም፤ በቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ በአማርኛ የሚከታተል ሰው ስም በተጠራ ቁጥር ይህንኑ መፈተሽ ይችላል።

ነገሩ የተበላሸው ቀልዱ ላይ ነው። የሆመር ቢራ ለስላሳ፣ ዶናቱ ደግሞ ካህክ የሚባለው የዒድ ብስኩት ሆነ። ለረመዳን ተመልካች የታሰበ ለውጥ ነው፤ ሥዕሉ ግን አልተለወጠም። ጆሮ ካህክ ሲሰማ ዓይን መሐሉ የተበሳ፣ ሮዝ ክሬም የተቀባ ዶናት ያያል። ከዚህም የባሰ አለ። ሰውየው የሚንገዳገደውና የሚቀባጥረው ስለጠጣ ነበር። ለስላሳ ጠጥቶ የሚንገዳገድ ሰው ግን ምክንያት አልባ ነው፤ ምክንያቱ ከተወሰደ ሳቁም አብሮ ይሄዳል። እዚህ ላይ ጎበዝ አዘጋጅ ወይ ትዕይንቱን ይቆርጣል፣ ወይ ምስሉ የሚቀበለው ሌላ ሰበብ ይፈልጋል።

ያው ጣቢያ በ2008 ጉሙሽ የተባለውን የቱርክ ድራማ «ኑር» ብሎ በሶርያ መነጋገሪያ ዓረብኛ ሲያቀርብ ዋናውን ወንድ ገጸ ባሕርይ መህመትን ሙሐነድ አለው፤ ተመልካቹም ጎረፈ። ስሞቹ ቢቀየሩም አያት፣ ልጅና ምራት በአንድ ግቢ የሚኖሩበት ቤት ምንም መተኪያ አላስፈለገውም።

በሰብታይትል የሚቀርብ ሥራ ሌላ መመዘኛ አለው። ተዋናዩ «ሆመር!» ሲል እየተሰማ ከሥር «ዑመር» ብሎ መጻፍ ያጋልጣል፤ ስለዚህ ስም እንዳለ ይቀራል፣ ማሳጠሩ ቀልዱ ላይ ይወድቃል። ቦታው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ መስመር ብዙውን ጊዜ ከ42 ፊደል አያልፍም። ቀልዱ ከነመቋጫው ባንዴ ብቅ ካለ ተመልካች ተዋናዩን ቀድሞ ይስቃል። ሙያውን የሚያውቅ ተርጓሚ መቋጫውን ለብቻው ቆርጦ ተዋናዩ እስኪናገረው ያቆየዋል።