ቀብድ፣ ቀሪ ሒሳብ እና ጠረጴዛ ቁጥር 7

ብዙ ሰው የሰርግ ወጪን በኤክሴል ሲጽፍ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ አዳራሽ፣ ምግብ፣ ዲኮር፣ ቪዲዮ፣ ኬክ፣ ከጎን ዋጋ፣ ከታች ድምር። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ ሳስተባብር ሦስት ገጽ እከፍታለሁ፦ ክፍያ፣ እንግዶች እና ጠረጴዛ። ትልቁ ወጪ ብዙውን ጊዜ ምግቡ ነው፤ የምግቡ ሒሳብ ደግሞ በሰው ነው። ስንት ሰው እንደሚመጣ እስኪታወቅ ድረስ ክፍያ ገጹ ላይ "ቀሪ" ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ግምት ብቻ ነው።

ለስሌት እንዲቀል የአንድ ሰው ምግብ 1,000 ብር ነው እንበል፤ ሆቴሉም ቢያንስ የ350 ሰው ሒሳብ ሊከፈለው ተዋውሏል። ቤተሰቡ በቃል የሰማው "350 ሺህ፣ ግማሹን አሁን" ስለሆነ 175,000 ብር ይከፍልና ቀሪውም 175,000 ነው ብሎ ይጽፋል። ውሉ ግን የሚለው 1,000 ብር ሲደመር 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው 1,265 ብር ይሆናል፤ 350ው ሰው 442,750። እውነተኛው ቀሪ 267,750 ነው። የ92,750 ብር ልዩነት በሰርጉ ሳምንት ሲመጣ ከየትም አይገኝም። እኔ የምጠቀምበት ቀመር ይህ ነው፦

```
=MAX(C2,D2)*E2*1.10*1.15-F2
```

C2 ውሉ ላይ ያለው ዝቅተኛ የሰው ቁጥር፣ D2 እንደሚመጡ የተረጋገጡት፣ E2 የአንድ ሰው ዋጋ፣ F2 የተከፈለው ነው። የተረጋገጡት 330 ቢሆኑም ሒሳቡ ከ350 አይወርድም፤ 372 ከሆኑ ግን ቀሪው ወደ 295,580 ይወጣል። እንግዲህ D2ን በትክክል መሙላት ነው ዋናው ሥራ።

እኛ አገር የጥሪ ካርድ ተልኮ "እመጣለሁ" የሚል መልስ መጠበቅ ብዙም አልተለመደም። ስለዚህ እንግዶች ገጹ ላይ "በማን በኩል" የሚል ዓምድ አለኝ፤ ካርዱን የሰጠው ሰው ራሱ ደውሎ ያረጋግጣል። የሙሽራዋ አባት ለጠሯቸው ጡረተኛ ባልደረባቸው እኔ ብደውልላቸው "እግዜር ካለ" ይሉኛል፤ ለአባትየው ግን ማን ማን እንደሚመጣ ይነግሯቸዋል። ካርዱ ላይ የተጠራው እና የተረጋገጠው በሁለት የተለያየ ዓምድ ይጻፋል፤ አንዱ ሌላውን መሸፈን የለበትም። "ከነባለቤትዎ" ሁለት ነው። "ከነቤተሰብዎ" የሚለውን ግን ስንት ብሎ መቁጠር ይቻላል? ቤተሰቡ ሳይጠየቅ ቁጥር አልጽፍለትም።

ጠረጴዛ 7ን እንይ፤ የሰፈር ዕድርተኞች ናቸው። ስድስት ካርድ፣ ሁሉም "ከነባለቤትዎ"፣ በወረቀት 12 ሰው። ጠረጴዛው የሚይዘው 10 ነው። ሲደወልላቸው የተረጋገጡት 9 ሆኑ፤ ከእነሱ አራቱ ሙስሊሞች ናቸው። ጠረጴዛው በቃ፤ ነገር ግን በካርዱ ድምር ብቻ ብሠራ ኖሮ ሁለት ሰው ወደ ሌላ ጠረጴዛ አዛውር ነበር፣ የሙስሊም ምግቡም ለስንት ሰው እንደሚዘጋጅ ለወጥ ቤቱ አይደርስም ነበር። ለዚህ ነው "የክርስቲያን፣ የሙስሊም፣ የጾም" የሚለውን በየጠረጴዛው የምቆጥረው፤ ለአስተናጋጅም የሚያስፈልገው ይኼው ነው።

ክፍያ ገጹ ላይ የሚያስቸግረው ቀን ነው። ባለ ዲኮሩ "ጥር 5 ክፈሉኝ" ይላል፣ ሆቴሉ በፈረንጅ ቀን ይጽፋል። ጥር 5ን እንደ ጽሑፍ ካስገባችሁት ኤክሴል ሲደረድር ጥር 10ን ያስቀድመዋል፤ ፊደል እንጂ ቀን አያይምና። በአንድ ዓምድ የእኛን፣ በሌላው የፈረንጁን እጽፋለሁ፤ የምደረድረው በሁለተኛው ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ባለው ጊዜ ሰርጉ ስለሚበዛ አንድ ባለሙያ ለብዙ ቤት ቀን ይሰጣል፤ ክፍያው ቢዘገይ ቀኑ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።

ከእያንዳንዱ ክፍያ አጠገብ "ቀብድ" ወይም "ቅድሚያ ክፍያ" ብዬ እለያለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢወጣ ዕጥፍ ይመልሳል። ይህ ለደንበኛ የሚጠቅመው በደረሰኙ ላይ ቃሉ ካለ ነው፤ "የመጀመሪያ ክፍያ" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ክርክር ይከፍታል።

የቪዲዮና የፎቶን ቀሪ ግን ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ አንዱ በሰርጉ ማታ፣ አንዱ አልበሙና ቪዲዮው እጅ ሲገባ። የሁለተኛው ክፍያ ቀን ቦታ ባዶ ይቀመጣል፤ ፋይሉም እስኪሞላ አይዘጋም።