ከሀዲዱ በታች

«ሲሊከን ይዘህ ብቅ በልልኝ።» ክረምቱ ጠንከር ሲል በስልኬ የሚደጋገመው ይህ ነው። ደዋዩ ምርመራውን ጨርሶ፣ መድኃኒቱንም አዝዞ ነው የሚጠራኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አሉሚኒየም መስኮት እየገጠምኩ ስኖር እንዲህ ተብዬ በሄድኩባቸው ቤቶች ግን ብዙውን ጊዜ ሲሊከን አልጎደለም። እንዲያውም ሞልቶ ተርፏል፤ የዘንድሮው ባምናው ላይ፣ ያምናው በካቻምናው ላይ ተደርቧል። ውሃው የሚገባው ዓይን ከማያርፍበት ቦታ፣ ከታችኛው ሀዲድና ከደፉ መካከል ነው።

ተንሸራታች መስኮት ዝናብ ጭራሽ እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ዕቃ አይደለም። ክንፎቹ እንዲንሸራተቱ ክፍተት ያስፈልጋቸዋል፤ ክፍተቱን የሚሞላው ደግሞ ብሩሽ ነው፣ ብሩሽም ውሃ ያሳልፋል። ስለዚህ ውሃው ወደ ሀዲዱ ይወርዳል፣ እዚያ ይጠራቀማል፣ ከዚያም በፍሬሙ የውጭ ፊት ላይ በተከፈቱት ጠባብ ቀዳዳዎች ተመልሶ ይወጣል። ሀዲዱ ገንዳ ነው፣ ቀዳዳዎቹ ደግሞ ማፍሰሻዎቹ። ይህን ያልተረዳ ሰው ቀዳዳዎቹን አይቶ «ውሃ የሚገባው በዚህ ነው» ይልና በሲሊከን ይደፍናቸዋል። ከዚያ በኋላ ገንዳው ሞልቶ ወደ ክፍሉ ሲፈስ ጥፋቱ የመስኮቱ ይሆናል።

ነፋሱም የራሱን ይጨምራል። በሴኮንድ 20 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ ማለትም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአዲስ አበባ ሳሳ ባለ አየር እንኳ መስታወቱን በካሬ ሜትር 190 ኒውተን ያህል ይገፋዋል። ይህ ግፊት የውሃን ከፍታ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ያነሣል። ውጭ እንዲህ ሲገፋ ሀዲዱ ውስጥ ያለው ውሃ በማፍሰሻዎቹ አይወርድም፤ ነፋሱ ጋብ እስኪል እየጠበቀ ከፍ ይላል። የሀዲዱ የውስጥ ከንፈር ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ማፍሰሻው ጽዱ ቢሆንም ውሃው ዘሎ ይገባል። ፕሮፋይል ስመርጥ ከቀለሙ በፊት ይህን ከንፈር በሜትር የምለካው ለዚህ ነው። ርካሽ የሚባሉት ፕሮፋይሎች ብዙ ጊዜ የሚቆጥቡት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቤት ላንሣ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ መኝታ ቤት ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ የመስኮቱ ክፍት 180 በ140 ሴንቲ ሜትር፣ ጎኑም ነፋስ የሚያገኘው። ከመስኮቱ ቀኝ ጥግ በታች ልስኑ አብጦ ቀለሙ ተቀርፏል። ከዚያ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ደግሞ ዞኮሎው አጠገብ ሌላ እርጥበት አለ። የቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት፣ «ልጄ፣ በየዓመቱ ይቀቡታል፣ በየዓመቱ ይገባል፤ ምናልባት ከላይኛው ፎቅ የሚመጣ ይሆን?» አሉኝ። ጥርጣሬያቸው ከንቱ አልነበረም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ አንዴ የገባ ውሃ በቀዳዳው ቁልቁል ወርዶ፣ በድብልቁ ላይ ወደ ጎን ሄዶ፣ ሩቅ ቦታ ብቅ ሊል ይችላል። ዞኮሎው ጋ ያለው እርጥበት እንደዚያ ያለ ነው። ግን ነገሩ ከላይ ይሁን ከመስኮቱ በግምት አይወሰንም።

መጀመሪያ ክንፎቹን አወጣሁ፣ የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ከውጭ በፕላስተር አሸግኩ፣ ሀዲዱንም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሞላሁበት። የውሃውን ከፍታ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ደህና ሀዲድ በዚህ ጊዜ ውስጥ ውሃው ከምልክቱ አይወርድም። ይሄኛው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወረደ። ውሃውን ቀድቼ ሀዲዱን ሳደርቅ ምክንያቱ ታየኝ፤ ፍሬሙ ከደፉ ጋር የታሰረው በሀዲዱ ወለል ላይ በተመቱ ሁለት ብሎኖች ነበር። ገንዳው ሁለት ቦታ ተበስቷል ማለት ነው። የቀኙ ማዕዘን መገጣጠሚያም ከውስጥ አልታሸገም ነበር። በየዓመቱ ከውጭ የተቀባው ሲሊከን ወደነዚህ ቀዳዳዎች የሚደርስበት መንገድ የለውም።

ቀጥሎ ማፍሰሻዎቹን ከፍቼ በውሃ ጎማ ሞከርኩ። ይህ ሙከራ ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበት። ከላይ የጀመረ ሰው ውሃው በሁሉም ላይ ስለሚወርድበት የትኛው እንደሚያስገባ መለየት አይችልም። ደፉ ላይ ብቻ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አንዱ መቃን፣ ከዚያ ሌላው፣ በመጨረሻ ጉበኑ። ውስጥ የሚቆም ሰው መብራት ይዞ ይጠብቃል። ገና ደፉ ላይ ሳለሁ ረዳቴ «ቀኝ ጥግ!» ብሎ ጮኸ። የደፉ እብነ በረድ ልክ እንደ ክፍቱ ስፋት ስለተቆረጠ ጫፉ ከመቃኑ ልስን ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስስ ስንጥቅ ነበር። ውሃ ልክ ሳስቀምጥበትም ድንጋዩ ወደ ውስጥ አዘንብሏል። መቃኖቹና ጉበኑ ደህና ነበሩ፤ የላይኛው ፎቅም ነጻ ወጣ።

ደፉን ነቅለን እንደገና ሠራን። እዚህ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ይኸው ነው፣ ዋጋ ሲነገርም ብዙ ሰው የሚከራከረው በዚሁ ነው። የብሎኬቱን ራስ በሲሚንቶ ድብልቅ ደፍነን ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አደረግነው። ሲደርቅ በሲሚንቶ የሚሠራውን ውሃ መከላከያ ቅብ ሁለት ጊዜ ቀባነው፤ ቅቡ በሁለቱም መቃኖች 15 ሴንቲ ሜትር፣ በውስጥ በኩል ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ወጥቷል። ድንጋዩ ቢሰነጠቅ፣ ሲሊከኑ ቢለቅ እንኳ ውሃው የሚያርፍበት ሌላ ገንዳ ከሥር አለ። እብነ በረዱን ደግሞ ለሁለት ከፈልነው። ከውጭ ወደ ውስጥ በአንድ ወጥ የሚያልፍ ድንጋይ ያምራል፣ ግን ለውሃ የተነጠፈ መንገድ ነው። የውጭኛው ክፍል 15 ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወደ ውጭ ይወርዳል፣ ጫፎቹም መቃኑ ውስጥ ገብተው ልስን ይደርብባቸዋል። የውስጠኛው ከፍ ብሎ ከፍሬሙ ጀርባ ይቆማል። የውጭኛው ከግድግዳው ልስን 4 ሴንቲ ሜትር እንዲወጣ አድርገን፣ በሆዱ በኩል ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ በግራይንደር አንድ ጎድጓዳ መስመር አወጣንለት፤ ጠብታው እዚያ ላይ ተቆርጦ ይወድቃል እንጂ በድንጋዩ ሥር እየተሳበ ወደ ግድግዳው አይመለስም።

ፍሬሙ ሲመለስ በሀዲዱ ወለል ላይ አንድም ብሎን አልመታንም። ሁለቱ መቃኖችና ጉበኑ ይበቁታል፤ ከማዕዘኑ 15 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ አንድ፣ ከዚያ ከ60 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ሌላ። ሥሩን በውስጥ በኩል ባሉ ትናንሽ ማያያዣዎች አስያዝነው። ታዲያ ብሎኬት ላይ ፊሸር ባዶው ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። የመስኮት ዳር ብሎኬቶች ሲገነቡ ቀዳዳቸው በድብልቅ ይሞላ ብሎ ግንበኛውን መለመን የእኔ ሥራ ባይሆንም ሁልጊዜ እለምናለሁ።

አሁን ወደ ሲሊከኑ። በፍሬሙና በልስኑ መካከል 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትተናል። ብዙ ባለቤቶች ይህን ሲያዩ ልኬቱ የተሳሳተ ይመስላቸዋል። አሉሚኒየም ግን ሲሞቅ ይረዝማል። 180 ሴንቲ ሜትር ፍሬም ከሌሊት ብርድ ወደ ቀትር ፀሐይ 40 ዲግሪ ቢቀየር 1.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ጥቁር ቀለም ያለው ፍሬም ለዚህ ይበልጥ ቅርብ ነው። ለሁለቱ ጎኖች ሲካፈል በየጎኑ ወደ 0.9 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከስፋቱ ሩቡን ያህል መለጠጥና መጨመቅ የሚችል ሲሊከን ቢያንስ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ይፈልጋል ማለት ነው፤ ልስን ደግሞ ቀጥ ብሎ ስለማያውቅ 8 እናደርገዋለን። ፍሬሙ ልስኑን ነክቶ ጠርዙ ላይ እንደ ክር የተቀባ ሲሊከን የሚለጠጥበት አካል ስለሌለው በመጀመሪያው በጋ ይላቀቃል።

ክፍተቱን እስከ ጥልቁ መሙላትም አይረዳም። ከኋላው ክብ የስፖንጅ ገመድ እንጠቀጥቃለን፣ ውፍረቱ ከክፍተቱ ትንሽ የሚበልጥ፤ ሲሊከኑ በላዩ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ብቻ ይኖረዋል። ሁለት ጎን የያዘ ሲሊከን እንደ ላስቲክ ይሳባል። ከኋላም የተጣበቀ ከሆነ ግን መሳብ አቅቶት መካከሉ ይቀደዳል። ሰው የሚረሳው ሌላው ነገር የሲሊከኑ ዓይነት ነው። ሲቀቡት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው አሲድ ያለበት ነው፤ ለመስታወት ጥሩ ነው፣ ሲሚንቶና ልስን ላይ ግን በደንብ አይዝም። እዚህ የሚያስፈልገው ገለልተኛው ነው፣ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። የልስኑ ትቢያ በብሩሽ ካልተጠረገ ደግሞ የትኛውም ሲሊከን የሚይዘው ትቢያውን እንጂ ግድግዳውን አይደለም። የላላ ቀለም ላይ መቀባትም ያው ነው፤ ቀለሙ ሲቀረፍ ሲሊከኑም አብሮ ይመጣል።

ከእኛ በኋላ የሚገባው ቀለም ቀቢ ነው፣ እሱንም መጠበቅ ያስፈልጋል። ማፍሰሻዎቹን በስቱኮ የሚደፍነው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ርጥብ ሲሚንቶ አሉሚኒየም ላይ ከቆየም ይበላዋልና የፍሬሙን መከላከያ ፕላስተር የምናነሣው እሱ ሲጨርስ ነው። እኒያ እናት ለሌባ ብለው ያስገጠሙት ፌሮ ግሪል ደግሞ እግሩ ድሮ በደፉ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። አስቆርጠን ወደ መቃኖቹ አዛወርነው፤ አዲሱን ደፍ የሚበሳ ብረት እንዲኖር አልፈለግኩም። እዚያ ቤት ላይ በጎማ የሚዘጋ በማጠፊያ የሚከፈት መስኮት ብገጥም ከተንሸራታቹ እመርጥ ነበር፤ ግን ወደ ውጭ እንዳይከፈት ግሪሉ አለ፣ ወደ ውስጥ እንዳይከፈት ደግሞ አልጋው። ስለዚህ ያው ፍሬም ማዕዘኑ ከውስጥ ታሽጎ፣ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ተደፍነው ተመለሰ።

ይህን የሠራነው በኅዳር ነው። በሐምሌ ቢሆን እንቢ እል ነበር፤ ርጥብ ልስን ላይ ሲሊከን አይይዝም፣ ደፉም አይደርቅም። በክረምት የምችለው ማፍሰሻዎቹን መክፈትና ለጊዜው ላስቲክ መወጠር ነው። ለቤቱ ባለቤትም አንድ ነገር ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፦ በኃይለኛ ነፋስ ጊዜ ሀዲዱ ውስጥ ውሃ ቆሞ ቢያዩ አይደንግጡ፣ በጨርቅም አይድፈኑት፤ ነፋሱ ሲበርድ ራሱ ይወጣል። ሲበርድ ካልወጣ ማፍሰሻው ውስጥ አቧራ ገብቷል ማለት ነውና በቀጭን ሽቦ ጠረግ ያድርጉት።