«እኮ»ን ያልነካ መቀስ

ሮቢት ከቆቦ በስተ ደቡብ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት የራያ ሜዳ ነው። ከዚያ ሜዳ የወጣ የማሽላ ዱቄት አዲስ አበባ ውስጥ የምትሸጥ አንዲት የሮቢት ልጅ ለኢንስታግራም የጻፈችው ረቂቅ አለ። አንዲት አርታኢ ያሳጠረችው ቅጂም አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ካነበብኩ ወዲህ ስለዚህ ሥራ ሳልጽፍ ማለፍ አልፈለግሁም። ሥራው ትንሽ ነው፤ ስምንት ምስል ላይ ያረፈ ጽሑፍ። የአርታኢዋ እጅ ግን የተካነ ነው።

ካሩሰል የሚሉት በጣት እየተገፋ የሚታይ ተከታታይ ምስል ነው። ኢንስታግራም በ2017 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው እስከ 10 ምስል ይፈቅድ ነበር፤ በ2024 ወደ 20 አሳደገው። ቦታው በሰፋ ቁጥር ጸሐፊው ያለውን ሁሉ ለመናገር ይፈተናል። አንባቢው ግን በአንድ አውራ ጣት የያዘው ስልክ ላይ ነው፤ ዓይኑ አንድ ምስል ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ማሳጠር ግዴታ ነው። ጥያቄው ከምኑ ላይ ይቀነሳል የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን ምስል ረቂቅ እንዳለ ልጻፈው፦

«በሰሜን ወሎ ዞን ራያ ቆቦ ወረዳ ሮቢት ከተማ አካባቢ ከሚገኙ አርሶ አደሮች በቀጥታ የተሰበሰበ ንጹህና ጥራቱን የጠበቀ የጅጉርቴ ማሽላ ዱቄት ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን ማቅረባችንን ስንገልጽ በታላቅ ደስታ ነው።»

ሃያ ሰባት ቃል ነው። የጻፈችው ልጅ በአካል ሲያገኟት እንዲህ አትናገርም። ብዙዎቻችን ብዕር ስናነሳ የቀበሌ ማስታወቂያ ይመጣብናል፤ እሷም ላይ የመጣው እሱ ነው። አርታኢዋ እንዲህ አደረገችው፦

«የሮቢት ማሽላ ተፈጨ። ኑ፣ ቅመሱልን።»

አምስት ቃል ቀረ። ዞኑና ወረዳው ሄዱ፤ ሮቢትን የሚያውቅ ያውቃታል፣ የማያውቅም በወረዳው ስም አይቀርባትም። «ጥራቱን የጠበቀ» ሄደ፤ ጥራቱን አልጠበቀም ብሎ የሚሸጥ ማንም ስለሌለ ሐረጉ ለአንባቢው የሚነግረው ነገር የለም። ደስታውም በስሙ መጠራቱ ቀረና በ«ቅመሱልን» ውስጥ ገባ። የዚህን ቃል መጨረሻ ልብ በሉ። «ቅመሱ» ብቻ ቢሆን ትእዛዝ ነበር። «ልን» ስትጨመርበት ግን ሻጯ ራሷ ጎንበስ ብላ የለመነችና ያስተናገደች ትመስላለች። በቃል ብዛት ሲቆጠር ይህ ጨዋነት ምንም ዋጋ አያስከፍልም። አማርኛ ሙቀቱን የሚሸከመው በቅጥያ ነውና፣ ቃል እየቆረጡ ሙቀትን መጨመር የሚቻልበት ቋንቋ ነው። አርታኢዋ ይህን ያወቀችው በጆሮዋ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምስል ላይ ያደረገችው ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ነው። ረቂቁ «ዱቄታችን ምንም ዓይነት ተጨማሪ ነገር ያልተደባለቀበት ሲሆን ማሽላው በጥንቃቄ ተበጥሮ እና ተለቅሞ ከተዘጋጀ በኋላ እንዲፈጭ ይደረጋል» ይላል። አሥራ ስድስት ቃል ሆኖ ሠሪ የለበትም። ማን አበጠረ? ማን ለቀመ? «እንዲፈጭ ይደረጋል» የሚለው አነጋገር ሰውን ከሥራው ያስወጣል፤ በዚያው ልክ ዐረፍተ ነገሩን ያስረዝማል። ስለዚህ ሰዎቹን መመለስና ማሳጠር እዚህ ላይ አንድ ሥራ ሆኑ፦ «አበጥረን፣ ለቅመን፣ አስፈጨነው። ሌላ አልገባበትም።»

ይህ በራሱ ያማረ ነበር፤ አምስት ቃል። እሷ ግን አንድ ቃል መለሰችበት፦ «ማሽላውን አበጥረን፣ ለቅመን፣ አስፈጨነው። ሌላ አልገባበትም።» ምክንያቱ የሚገባው ካሩሰል እንዴት እንደሚሄድ ለሚያውቅ ሰው ነው። ኢንስታግራም የመጀመሪያውን ምስል አይቶ ሳይገፋ ላለፈ ተከታይ፣ ፖስቱን በኋላ ከሁለተኛው ምስል ጀምሮ ሊያሳየው ይችላል። ያ ሰው «አስፈጨነው» የሚለውን ቢያነብ ምኑን እንደሆነ አያውቅም። ሁለተኛው ምስል ያለ መጀመሪያው መቆም አለበት። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ይህ ጭንቀት ስለማይኖር ስሙን ትታዋለች። በቃል ቁጥር የሰከረ አርታኢ ቢሆን ይህችን «ማሽላውን» ባልመለሳት ነበር።

አሁን ከሁሉ ወደምወደው ልምጣ። የማሽላ እንጀራ ሲያድር ይደርቃል፤ ይህን የጋገረ ሁሉ ያውቀዋል። ሻጭ ግን የዕቃዋን ጉድለት ስትናገር አይታወቅም። ባለዱቄቷ ደፍራ ጽፋዋለች፤ ድፍረቷን ግን በቢሮ ቋንቋ ሸፈነችው፦

«አንዳንድ ደንበኞቻችን እንደሚጠይቁን የማሽላ እንጀራ በሚያድርበት ጊዜ የመድረቅ ባህሪ ያለው መሆኑ የሚታወቅ ሲሆን ይህንንም ችግር ለመቅረፍ ከጤፍ ጋር በማደባለቅ መጠቀም ይመከራል። እናቴ ግን ‹ሲያድር ይደርቃል እኮ፣ ትኩሱን ብሉት› ትላለች።»

እዚህ ላይ የተሳሳተ መቀስ የሚሄድበት መንገድ ግልጽ ነው። መረጃው ሁለት ጊዜ ተነግሯል፤ አንድ ጊዜ በኦፊሴል፣ አንድ ጊዜ በእናት አፍ። ችኩል አርታኢ የእናትየዋን ንግግር ድግግሞሽ ነው ብሎ ይሰርዝና «ትኩሱን ይመገቡ። ሲያድር ይደርቃል። ለሚያድር ጤፍ ይቀላቀል» ብሎ በሰባት ቃል ይጨርሳል። አጭር ነው፣ ትክክል ነው፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ቢለጠፍም ያስኬዳል። የእኛዋ አርታኢ ግን የሰረዘችው ከላይ ያለውን ነው፦

«እናቴ ‹ሲያድር ይደርቃል እኮ፣ ትኩሱን ብሉት› ትላለች። ለሚያድር፣ ጤፍ ቀላቅሉበት።»

ከሃያ ዘጠኝ ወደ አሥር። ከችኩሉ ቅጂ በሦስት ቃል ይበልጣል፤ ሦስቱን ቃል ደግሞ በትክክል የት እንዳዋለቻቸው ይታያል፦ «እናቴ»፣ «ትላለች»፣ «እኮ»። «እኮ» ከዐረፍተ ነገሩ ብትወጣ የሚጎድል መረጃ የለም። የሚጎድለው ሰው ነው። «እኮ» ስትኖር እናትየዋ ከፊታችን ቆመው፣ ነግሬያችኋለሁ ብለው፣ እንጀራውን ወደኛ እየገፉ ይታዩናል። «ብሉት»ም እንዲሁ ነው። «ይመገቡ» ክብር አለው፣ እናት ልጆቿን ስታበላ ግን እንዲያ አትልም።

አንድ ምስል ላይ ደግሞ አርታኢዋ ምንም አልነካችም። «ልጆች ሆነን ከማሽላው መሃል ጥንቅሹን እየፈለግን እናኝክ ነበር» ይላል። ይህ ዐረፍተ ነገር ዱቄት አይሸጥም፤ ጥንቅሽ የሚታኘከው አገዳው ነው፣ ዱቄት የሚሆነው ዘሩ። ለሽያጭ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው ይህን ምስል ነው። እሷ ግን ያወጣችው ከእሱ በፊት የነበሩትን ሁለቱን ነው። አንደኛው ስለ ድርጅቱ ራዕይ የሚያወራ ነበር፤ ጠፋ። ሁለተኛው ማሽላ ግሉተን የሌለው መሆኑንና ሌሎች የጤና ጥቅሞቹን የሚዘረዝር ነበር። ዝርዝሩ ለሚፈልገው ሰው ያስፈልጋልና፣ ከምስሉ ስር ወዳለው ጽሑፍ ወሰደችው፤ እዚያ ኢንስታግራም እስከ 2,200 ፊደል ይፈቅዳል። ከሽፋኑ ላይ ያነሳችው «ጅጉርቴ»ም እዚያው ሄዶ፣ ለመድረስ ረጅም ወራት የሚፈልግ የአካባቢው ነባር ዘር መሆኑ ተብራራለት። ስምንቱ ምስል ስድስት ሆነ። ማሳጠር በየዐረፍተ ነገሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስምንቱም እየከሱ ይቆዩ ነበር፤ እሷ ግን መጀመሪያ ምስሎቹን በሙሉ አየች፣ ማን ይቆይ ማን ይሂድ የሚለውን ወሰነች፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቃሉ የወረደችው። ዋጋው ያለበት ምስል ቁጥር ብቻ ስለሆነ እንዳለ አለፈ።

የመጨረሻው ምስል ረቂቅ ድንገት አንባቢውን «እርስዎ» ማለት ይጀምራል፦ «ትዕዛዝዎን በቴሌግራም አማካኝነት መላክ የሚችሉ ሲሆን በአዲስ አበባ ውስጥ በማንኛውም ቦታ ባሉበት የምናደርስ መሆኑን እንገልጻለን። ርቀት አያሳስብዎት።» ከ«ቅመሱልን» የተነሳ ሰው እዚህ ሲደርስ ሌላ ሰው ያናገረው ይመስለዋል። ድምፅ የሚሰበረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ በአንድ ምስል ውስጥ ስህተቱ አይታይም፣ ምስሎቹ በተከታታይ ሲነበቡ ግን ይጎረብጣል። አርታኢዋ «እናንተ»ን ከዳር እስከ ዳር አደረገች፦ «በቴሌግራም ጻፉልን፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያላችሁበት እናደርሳለን። ሩቅ ነው? አብሽሩ።»

«አዲስ አበባ ውስጥ» የሚለውን አላሳጠረችም፤ እሱን ብታወጣ ባለዱቄቷ የማትችለውን ቃል ትገባ ነበር። «አያሳስብዎት» ግን «አብሽሩ» ሆነ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ከየት መንደር እንደተጠራ ያውቃል። ለማሽላ ገበሬ ደግሞ ሌላ ትዝታ አለው። አቀንጭራ የተባለውን አረም እንዲቋቋሙ ተብለው ከወጡት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ አብሽር ይባላል፤ ሌላው በሮቢት አጠገብ ባለችው ከተማ ስም ጎቢዬ ተብሏል። ሁለቱም በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ካገኙት ከፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የምርምር ሥራ የመጡ ናቸው። አርታኢዋ ይህን አስባበት ይሁን ሳታስብበት፣ ማሽላ የሚሸጥ ሰው «አብሽሩ» ሲል ከዚያ የተሻለ ቃል አላገኝለትም።

ስለ መለኪያው አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ የቃል ቁጥር ብቻውን ያታልላል። «ስለማይደባለቅበት» አንድ ቃል ነው፤ በትልቅ ፊደል ምስል ላይ ሲቀመጥ ግን ብቻውን መስመር ይወስዳል፤ አጠገቡ ቃል ስለማይገባም ባዶ ቦታ ትቶ ይወርዳል። ስለዚህ አርታኢዋ ቃል ከቀነሰች በኋላ ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ አንዱ ምስል በአንድ ትንፋሽ ካለቀ ይበቃዋል። ትንፋሽ ካጠራት ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው «ሲሆን» ካለበት ነው። ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን ሳያስፈልግ የሚሰፋው እሱ ነው፤ ሲነሳ ሁለቱም ራሳቸውን ችለው ይቆማሉ።

እዚህ ከጠቀስኳቸው ያሳጠረቻቸው አራቱ ምስሎች በረቂቁ 89 ቃል ነበሩ፤ አሁን 31 ናቸው። የራሳችሁን ዕቃ በራሳችሁ አፍ የምታስተዋውቁ ሁሉ፣ ስታሳጥሩ ከ«ሲሆን»፣ ከ«አማካኝነት»ና ከ«ይደረጋል» ጀምሩ፤ የእናታችሁን «እኮ» እባካችሁ አትንኩት።