ቃሉ ተለውጦ አጽሙ ሲቀር

የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ሳነብ ቆም የሚያደርገኝ ምንጭ ያልተጠቀሰበት አንቀጽ ብቻ አይደለም። ምንጩ በቅንፍ በሥርዓት ተቀምጦ የተማሪው ድምፅ የማይሰማበት አንቀጽ ይበልጥ ያሳስበኛል። ተማሪው ሲጠየቅ «በራሴ አገላለጽ ነው የጻፍኩት» ይላል፤ ከልቡ ነው የሚለው። በራስ አገላለጽ መጻፍ ማለት ቃል በቃል እየተኩ መሄድ መስሎታል።

ለማሳያ እንዲሆን የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ራሴ ጽፌዋለሁ፤ ከአንድ የታሪክ መጽሐፍ የተገኘ ነው ብለን እንውሰደው፦

«የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ መሬትን የሕዝብ ሀብት ቢያደርግም፣ ገበሬው መሬቱን የመሸጥና የመለወጥ መብት ስላልተሰጠው ከባለርስት ጥገኝነት ወጥቶ የመንግሥት ጥገኛ ሆነ።»

ተማሪው እንዲህ ይመልሰዋል፦

«በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ሕግ የጭሰኛን ሥርዓት አስወግዶ መሬትን የሕዝብ ንብረት ቢያደርግም፣ አርሶ አደሩ መሬቱን የመሸጥና የመቀየር ሥልጣን ስላላገኘ ከባለርስት ጥገኝነት ተላቆ የመንግሥት ጥገኛ ሆነ።»

አዋጁ ሕግ፣ ሀብቱ ንብረት፣ ገበሬው አርሶ አደር ሆኗል። ግሶቹን ግን በተርታ እንያቸው። በምንጩ «ሽሮ፣ ቢያደርግም፣ ስላልተሰጠው፣ ወጥቶ፣ ሆነ» ይላል፤ በተማሪው ደግሞ «አስወግዶ፣ ቢያደርግም፣ ስላላገኘ፣ ተላቆ፣ ሆነ»። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር አጽሙ እዚህ ላይ ነው። የትኛው ሐሳብ ለየትኛው ምክንያት እንደሆነ፣ የትኛው ተይዞ የትኛው እንደሚፈታ የሚናገሩት እነዚህ ጥገኛ ግሶችና ማሰሪያው ናቸው። ስሞቹ ሁሉ ቢለወጡ እንኳ ይህ ሰንሰለት እንዳለ ከቀረ የተጻፈው የምንጩ ዐረፍተ ነገር ነው። ምንጩ መጠቀሱ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ይነግረናል፤ አቀራረቡ የተማሪው ነው የሚለውን ሐሰት ግን አያነሣውም።

አሜሪካዊቷ የጽሕፈት ትምህርት ምሁር ሬቤካ ሙር ሃዋርድ ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ «ፓችራይቲንግ» ይሉታል፤ ከሌላ ሰው ልብስ የተቀደደ እራፊ ሰፍቶ እንደመልበስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባቀረቡት ክርክር፣ ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው አንባቢው ጽሑፉን ገና በደንብ ስላልተቆጣጠረው ስለሆነ ከቅጣት ይልቅ ትምህርት ይገባዋል ብለዋል። ለጀማሪ ተማሪ እስማማለሁ። ዲግሪ የሚሰጥበት የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ግን ጽሑፉን አለመቆጣጠር ሰበብ ሊሆን አይችልም።

እውነተኛው በራስ አገላለጽ መመለስ መጽሐፉን ዘግቶ ከክርክሩ ይጀምራል፦ «ደራሲው እንደሚከራከሩት፣ መሬቱን ሊሸጥም ሊለውጥም ያልተፈቀደለት ገበሬ ከጥገኝነት አልወጣም። የ1967ቱ አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ መሬቱን ለሕዝብ ቢሰጥም፣ የተለወጠው ጥገኛ የሆነለት አካል ነው፤ በባለርስቱ ቦታ መንግሥት ገባ።» ነጥቦቹ አልጎደሉም፤ ቅደም ተከተሉና የዐረፍተ ነገሮቹ አሠራር ግን የጸሐፊው ነው። አዋጁ የወጣበት ቀን ማንም የሚያውቀው ስለሆነ ምንጭ አያሻውም። «የመንግሥት ጥገኛ ሆነ» የሚለው ፍርድ ግን የአንድ ሰው ነውና አንድም ቃል ሳይቀር ቢለወጥ እንኳ ባለቤቱ መጠራት አለበት።

ማጠቃለል ሌላ ሥራ ነው። የሠላሳ ገጽ ምዕራፍ «አዋጁ የገበሬውን ጥገኝነት ከባለርስት ወደ መንግሥት አዛወረው ይላሉ» በሚል አንድ መስመር ሊገባ ይችላል። እዚህ ቃል የመቅዳት ፈተናው ያንሳል፤ ማጠቃለል መምረጥ ነውና የሚሰረቀው ምርጫው ነው። ተማሪው ዋናውን መጽሐፍ ሳያነብ ሌላ አጥኚ ያጠቃለለውን ወስዶ ዋናውን መጽሐፍ ብቻ ይጠቅሳል። ዋቢው ትክክል ነው፤ ገጹም ትክክል ነው፤ ለአንባቢው ግን ያላዩ ዓይኖች አይተዋል ተብሎ ተነግሮታል።

የጀርመን የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት አኔቴ ሻቫን ላይ የደረሰው ለዚህ ቅርብ ነው። የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980 የሰጣቸውን ዶክትሬት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 ሲሰርዝ ከጭብጦቹ አንዱ የሌሎች ተንታኞችን ጽሑፍ በሚገባው መጠን ሳይጠቅሱ የራሳቸው ንባብ አስመስለው ማቅረባቸው ነበር። እርሳቸው ክሱን አልተቀበሉም፤ በዚያው ወር ግን ከሥልጣን ለቀቁ። ያኔ ጽሑፉ ከታተመ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎት ነበር።

በአማርኛ ስንጽፍ ድንበሩ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በሌላ ሥፍራ ነው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ይላሉ» ብሎ ያስራል፤ ሁለተኛው «ነው»፣ ሦስተኛው «ሆኗል» ብሎ ይዘጋል፤ ቅንፉ የሚመጣው በአንቀጹ መጨረሻ ነው። ከደራሲው ወደ ተማሪው የተሻገርነው የት ላይ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እንደ አማካሪ እርሳስ የማነሣው በዚያ ማሰሪያ ላይ ነው፤ «ማን ነው ይህን የሚለው?» ብዬ ከጎኑ እጽፋለሁ።