ሩብ ኪኒን

ዳያዜፓም ለዓመታት ሲወስድ የኖረ ሰው ባንድ ጊዜ ቢያቆመው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ያን ያህል የከፋ ነገር ላይሰማው ይችላል። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው እያዘገመ ነው። ግማሹ ብቻ እስኪወጣ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ጉበት ከእሱ የሚያወጣው ሌላው ውጤት ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል፤ በሽማግሌና በአሮጊት ሰውነት ውስጥ ይበልጥ ይረዝማል። ስለዚህ ጣጣው የሚመጣው ቤተሰቡ ሁሉ «ይኸው፣ ድሮም አያስፈልጋቸውም ነበር» ብሎ ከተስማማ በኋላ ነው። በስድስተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቅ፣ ልብ ሲመታ፣ ነገሩን ከኪኒኑ ጋር የሚያገናኘው ሰው አይገኝም። አንዱ ወባ ነው ይላል፣ ሌላው መንፈስ ነው ይላል።

የምሠራው ቦንጋ ነው፤ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ማንኪራ በዴቻ ወረዳ ያለች፣ ቡና ከጫካው ውስጥ ራሱ በቅሎ የሚለቀምባት ቀበሌ ናት። እንግዳ የሚመጣው የቡና መገኛ ናት ተብሎ የእናት ቡናዋን ዛፍ ሊያይ ነው። እኔ ግን ማንኪራን ሳስብ ቀድሞ የሚታየኝ የክረምት መንገዷ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው መኪና ሲይዝ፣ ቀጠሮ ያለው ሰው አይመጣም፤ ያልመጣ ሰው መድኃኒት አያገኝም። የእንቅልፍ ኪኒን ስለማስተው ሲነሳ መጻሕፍቱ ስለ ሚሊ ግራም ያወራሉ። እዚህ ከሚሊ ግራሙ እኩል የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው።

አንዲት ታካሚ ላንሳ። ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ፤ እማማ እያልኩ ልቀጥል። ስድሳን አልፈዋል። ባለቤታቸው ሲሞቱ እንቅልፍ እምቢ አላቸውና አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ባለ 5 ሚሊ ግራም ዳያዜፓም፣ ማታ ማታ አንድ ፍሬ፣ ለሁለት ሳምንት ተብሎ ታዘዘላቸው። ሁለት ሳምንቱ አራት ዓመት ሆነ፤ አንዱ ፍሬም ሁለት ሆነ። በዚህ መካከል ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም። ኪኒኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእርግጥ ያስተኛል። ቆይቶ አንጎል ይለምደዋል፤ ያው መጠን ያንን እንቅልፍ መስጠት ያቆማል። ሲተውት ግን እንቅልፍ ከበፊቱ ብሶ ይጠፋል። ሰውየው «ያለሱ አልችልም» የሚለው እንግዲህ እውነቱን ነው፤ ያላስተዋለው ያንን አለመቻል ያመጣው ኪኒኑ ራሱ መሆኑን ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ጋባ የተባለውን የአንጎል ማረጋጊያ በማገዝ ነው፤ እርዳታው ለዓመታት ሲቀጥል አንጎል በራሱ በኩል ያለውን ይቀንሳል። በር ተደግፎ የቆመ ሰው በሩ በድንገት ቢከፈት እንደሚሆነው ነው፤ አንዳንዱ ይንገዳገዳል፣ አንዳንዱ ይወድቃል። መውደቁ እዚህ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ወይም ሙሉ በሙሉ መቃዠት ሊሆን ይችላል፤ ሕይወትም ያጠፋል።

እማማ ዘንድ የደረስኩት በዚህ መንገድ ነው። በክረምቱ ኪኒናቸው አልቆ ሳምንት ከቆዩ በኋላ ገላቸው ላይ ነፍሳት የሚሄዱ እየመሰላቸው፣ ሌሊቱን ተቀምጠው ሲያነጉ ልጃቸው አመጣቸው። ሐኪሙ ወደ ቀድሞው መጠን መለሳቸው፤ በሁለት ቀን ተረጋጉ። ልጅየው ተቆጣ፤ «እኛ ልናስተዋቸው ነው የመጣነው፣ እናንተ መልሳችሁ ሰጣችኋቸው!» አለ። ትክክለኛው እርምጃ ግን እሱ ነበር። ማስተው የሚጀመረው ሰውየው በማይለዋወጥ መጠን ላይ በደንብ ከቆመ በኋላ ነው።

ስንጀምር ጥር ነበር፤ ሆን ብለን። የቡናው ለቀማ አልቋል፣ መንገዱ ደርቋል፣ በሚቀጥሉት አራት አምስት ወራት የሚጠፋ ቀጠሮ አይኖርም። ዕቅዱን ሐኪሙ ፈረመበት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ቤታቸው ብቅ እያለች ልታያቸው፣ እኔ በየወሩ ላገኛቸው ተስማማን። የማዘዣ ወረቀቱም እንዲህ ላለው መድኃኒት የተለየ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ብቻ እንዲጽፍላቸው አደረግን፤ ከሁለት ቦታ የሚጻፍለትን ሰው ቀንሶ ማስተው አይቻልም።

ዶክተር ሄዘር አሽተን በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ከ1982 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ሰውን ከእንዲህ ያለ ኪኒን የማስተው ሥራ ብቻ የምትሠራ ክሊኒክ ነበራት። ዋና ትምህርቷ ቀላል ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ታካሚው ነው። በቅርቡ አሜሪካ ውስጥ የወጣው መመሪያም ብዙ አይርቅም። በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ካለበት መጠን ከመቶ 5 እስከ 10 መቀነስ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ከሩብ በላይ አለመቀነስ ይላል። «ካለበት መጠን» የሚለው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከሁለት ኪኒን ላይ ሩብ ኪኒን መቀነስ ትንሽ ነው፤ ከግማሽ ኪኒን ላይ ሩብ ኪኒን መቀነስ ግን እኩሌታውን መውሰድ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው መጨረሻው ላይ የሆነው ለዚህ ነው፤ መጠኑ ባነሰ ቁጥር ያው ሩብ ይከብዳል።

እማማ በየአራት ሳምንቱ ሩብ ኪኒን ቀነሱ። ከ10 ሚሊ ግራም ወደ 8.75፣ ከዚያ 7.5፣ 6.25፣ ግንቦት ሲገባ 5። ሩብ የምለው በቢላዋ ተመትሮ የሚወጣ አይደለም። ኪኒኑ መሐሉ ላይ ሰረዝ ስላለው ለሁለት በእጅ ይሰበራል፤ ግማሹን ለሁለት የሚከፍለው ግን አዲስ ምላጭ ነው፣ እሱም አንዱን ወገን ማሳነሱ አይቀርም። ምራታቸውን ያስተማርኳት ይህን ነው። ከአንድ ግማሽ የወጡትን ሁለቱን ሩቦች በተከታታይ ሁለት ሌሊት መስጠት። ዛሬ ያነሰው ነገ ይካካሳል፤ ዳያዜፓም በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ልዩነቱ አይታወቅም። ሌላው ደግሞ ከአንድ ሳምንት በላይ የሚሆን ቆርጦ አለማስቀመጥ ነው። የማንኪራ አየር እርጥብ ነው፤ የተቆረጠው ጠርዝ ይፈረፈራል፣ ዱቄቱም ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

እስከ ግንቦት ኪኒኑን ከመቀነስ ይልቅ ብዙ ያወራነው ስለ ሰዓት ነበር። እማማ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛሉ፤ መብራት የለም፣ ብርድ ነው፣ ምን ያድርጉ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይነቃሉ፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ መገላበጥ ነው። «እንቅልፍ የለኝም» የሚሉት ይህን ነው። ቆጠርን፤ ስድስት ሰዓት ተኩል። በእሳቸው ዕድሜ ይህ በሽታ አይደለም። እሳቱ ዳር እስከ አራት ሰዓት ቁጭ እንዲሉ፣ ጠዋት ደግሞ የተኙት ምንም ያህል ቢሆን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲነሱ ተስማማን። ቡናውንስ? ካፋ ውስጥ ቡና ተዉ የሚል ባለሙያ የሚሰማው የለም፣ ባይሰማም ጥሩ ነው፤ ቡና ባንድ ጊዜ መተው ራሱ ራስ ምታትና ድካም አምጥቶ ነገሩን ያደባልቃል። ያደረግነው የማታውን ቡና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ማምጣት ብቻ ነው። ጎረቤቶቻቸው ቅር አላቸው፤ በኋላ ግን ሰዓቱን ከእሳቸው ጋር አዛወሩ።

ወደ 3.75 ሲወርዱ ነገሩ ተነሳ። በሁለተኛው ሳምንት የዶሮ ጩኸት ጆሯቸውን እንደ ሚስማር ይወጋው ጀመር፣ እግራቸው ይንዘረዘራል፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያልባቸዋል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደወለችልኝ። የድሮው ሐዘንና ጭንቀት ተመልሶ ነው ወይስ የመቀነሱ ነው? መለያው እንዲህ ነው። የድሮው በሽታ ሲመለስ ድሮ የነበረውን መልክ ይዞ ቀስ በቀስ ይመጣል፣ እየቆየም ይብሳል። የመቀነሱ ጣጣ መጠኑ ከወረደ በቀናት ውስጥ ይነሳል፣ ድሮ ያልነበረ ነገር ይጨምራል፣ በሳምንታት ውስጥ ይረግባል። እማማ ባላቸው ሲሞቱም እንኳ የዶሮ ድምፅ አስቸግሯቸው አያውቅም።

ወደ 5 አልመለስናቸውም፣ ወደ ታችም አልሄድንም፤ እዚያው ቆሙ። ብዙ ባልደረቦቼ ወደ ላይ መመለስን እንደ ርኅራኄ ያዩታል። በእኔ እይታ ከፍ ዝቅ ማለት አንጎል የትኛውንም መጠን እንዳይለምድ ያደርገዋል፤ መንፈራገጥ፣ መቃዠት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም የማይቻል ስቃይ ካልመጣ በስተቀር መቆም ይበልጣል። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ግን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም አረቄና ጠጅ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ከመነሻውም እንዲህ ቤቱ ሆኖ አይጀምርም። የማር አገር ስለሆነ ጠጁን ደጋግሜ እጠይቃለሁ። ጠጥቶ ኪኒን መዋጥ ትንፋሽን ያዳክማል፤ ኪኒን ሲቀንስ በጠጅ መተካት ደግሞ አንዱን ጥገኝነት በሌላ መለወጥ ነው። ጫት ቅሞ ለመተኛት ኪኒን የሚውጥ ወጣትም አለ፤ የእሱ ነገር ከጫቱ ይጀምራል፣ እዚህ አልገባበትም።

ሐምሌና ነሐሴን በዚያው በ3.75 አሳለፉ። ዝናቡ ሳይበረታ የሁለት ወሩን መድኃኒት አስቀድመን አስወጣን፤ ሁሉም ግን እሳቸው እጅ አልገባም። ምራታቸው በቁልፍ ይዛ በሳምንት በሳምንት ታወጣ ነበር። ከዚህ በኋላ ባለ 2 ሚሊ ግራም ኪኒን ከጅማ አስመጣን፤ ደረጃዎቹን ለማጥበብ ሌላ መንገድ አልነበረም። አሮጌው ባለ 5 ከቤት ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ አደረግን፤ ሁለት ዓይነት ኪኒን ባንድ ቤት ካለ በኩራዝ ብርሃን መሳሳቱ አይቀርም። መስከረም ላይ አንድ ተኩል፣ ማለትም 3 ሚሊ ግራም። ከዚያ ለቀማው ደረሰ፤ ሌሊት ተነስቶ ጫካ መግባት፣ ቡና መጠበቅ፣ እንግዳ ማስተናገድ። እማማ እንቀጥል አሉ። «ልጄ፣ ጀምሬዋለሁ እኮ፣ ለምን ታስቆመኛለህ?» እስከ ታኅሣሥ አልተንቀሳቀስንም። ቀጥሎ 2.5፣ 2፣ 1.5፤ አሁን 1 ላይ ናቸው፣ የትንሿ ኪኒን ግማሽ።

ሌሊት ወደ ደጅ ሲወጡ መውደቃቸው ቀርቷል። ጠዋት ስናወራ ቃል አይጠፋባቸውም። በቀደም ደግሞ ይህችን ግማሽ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ቢይዟት ምን ችግር አለው ብለው ጠየቁኝ። ከ10 ወደ 1 የወረደ ሰው ዋናውን አደጋ አልፎታል፤ ካልቻለ እዚያ ላይ ቢቆም ተሸነፈ አልለውም። ግን መንገዱ በየክረምቱ ይዘጋል፣ መድኃኒቱም ከከተማው ይጠፋል፤ ግማሽ ኪኒን የሚፈልግ ሰውም ያው ኪኒን የሚፈልግ ሰው ነው። ይህንን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና የሚቀጥለው ሩብ የሚወርድበትን ቀን ራሳቸው መረጡ፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሰኞ፣ ምራታቸው ከዘመድ ጥየቃ የምትመለስበት።