አሥራ ሁለቱ ሠራተኞች

በአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ፈተናዎች ውስጥ ከሚመጡት ጥያቄዎች ሁሉ አድናቆት የሚገባው፣ የግል የሥራ ክርክርን ከወል የሥራ ክርክር እንዲለይ ተፈታኙን የሚጠይቀው ነው። የኅብረት ድርድርን ትርጉም ወይም የሠራተኛ ማኅበርን ተግባራት ዘርዝር የሚለው ጥያቄ በሽምደዳ ይመለሳል፤ ይህኛው ግን አይመለስም። ለምሳሌ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ያልተከፈላቸውን የትርፍ ሰዓት ክፍያ በአንድ ማመልከቻ ቢጠይቁ፣ ብዙ ተፈታኝ ቁጥራቸውን አይቶ «የወል ነው» ይላል፤ ሆኖም እያንዳንዱ የሚጠይቀው የራሱን ሒሳብ ስለሆነ ክርክሩ የግል ነው፣ የሚታየውም በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። በአንጻሩ የሠራተኛ ማኅበሩ የደረጃ ዕድገት አሰጣጥ ሥርዓቱ እንዲለወጥ ቢጠይቅ፣ ውጤቱ ሠራተኛውን ሁሉ ስለሚነካ፣ ጉዳዩ የወል ሆኖ ወደ አስማሚ፣ ስምምነት ከጠፋም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። አንድ ሠራተኛ ዕድገት ተነፈግሁ ቢል ግን፣ ቃሉ ያው «ዕድገት» ቢሆንም፣ ክርክሩ ተመልሶ የግል ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ልዩነቱን ያስቀመጠው በጥያቄው ይዘት እንጂ በፈራሚዎች ብዛት አይደለም።