ከፋዩ ማን ነው? የሥራ ውል አጭር መግለጫና የአማርኛ ግሥ

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኬንያ የሥራ ቅጥር ሕግ በዘጠነኛው አንቀጹ የቋንቋ አጥኚን ትኩረት የሚሻ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ሠራተኛው ማንበብ የማይችል ወይም ውሉ የተጻፈበትን ቋንቋ የማይረዳ ከሆነ፣ አሠሪው ውሉ በሚረዳው ቋንቋ እንዲብራራለት ማድረግ አለበት። አንቀጹ ግን ማብራሪያው ምን ምን መያዝ እንዳለበት አይዘረዝርም። በናይሮቢ ኢምባካሲ፣ በአውሮፕላን ማረፊያውና በመጋዘኖቹ ዙሪያ ለሚቀጠር አማርኛ ተናጋሪ ይህ ክፍተት ቀላል አይደለም። ውሉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ የሥራው ቦታ ንግግር በስዋሂሊ ሆኖ፣ ሠራተኛው በእጁ የሚይዘው በአማርኛ የተዘጋጀች ግማሽ ገጽ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የእንዲህ ዓይነቱ አጭር መግለጫ ችግር ብዙውን ጊዜ ቁጥርን መሳሳት አይደለም። ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ግዴታው ሊጠፋ ይችላል። ለምሳሌ ያህል፣ ከሕጉ ጋር የሚስማማ የሚከተለው የውል አንቀጽ ይወሰድ፦ «ሠራተኛው ለስድስት ወር በሙከራ ላይ ይሠራል፤ ጊዜው በሠራተኛው ስምምነት ሊራዘም ይችላል። በሙከራ ጊዜ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ የሰባት ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በመስጠት፣ ወይም አሠሪው ለሠራተኛው የሰባት ቀን ደመወዝ በመክፈል ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ከሙከራ በኋላ ማስጠንቀቂያው ሃያ ስምንት ቀን ነው፤ ይህን ያላሟላ ወገን የጎደለውን ቀን ደመወዝ ለሌላው ይከፍላል።»

አንድ ጥንቁቅ ሰው ይህን ቢያሳጥረው የሚከተለው ሊወጣው ይችላል፦ «የሙከራ ጊዜ 6 ወር፤ ሊራዘም ይችላል። ሥራ ማቋረጥ፦ በሙከራ ጊዜ የ7 ቀን ማስጠንቀቂያ ወይም የ7 ቀን ክፍያ፤ ከዚያ በኋላ 28 ቀን። ማስጠንቀቂያ ካልተሰጠ ቅጣት ይከፈላል።»

በዚህ ውስጥ የተሳሳተ ቁጥር የለም። የጠፋው ባለቤቱና ተቀባዩ ነው። «ማቋረጥ» እና «ክፍያ» ስም ናቸው፤ ማን እንደሚያቋርጥ፣ ማን ለማን እንደሚከፍል አይናገሩም። «ይከፈላል» ደግሞ ተገብሮ ግሥ በመሆኑ ከፋዩን ይሰውራል። በውሉ ግን የክፍያው አቅጣጫ ከሙከራው በፊትና በኋላ ይለያያል። በሙከራ ጊዜ በሰባት ቀን ፈንታ መክፈል የሚችለው አሠሪው ብቻ ነው፤ ተቀባዩም ሠራተኛው ነው። ከሙከራ በኋላ ግን ሠራተኛውም ከፋይ ሊሆን ይችላል። አጭር መግለጫውን ብቻ ያነበበ ሰው የሰባቱን ቀን ደመወዝ እኔ እከፍላለሁ ብሎ ሊሰጋ፣ የሃያ ስምንቱን ደግሞ የአሠሪው ዕዳ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

የሚያስገርመው፣ አማርኛ ይህን ጉድለት የሚሞላ መሣሪያ በግሡ ውስጥ መያዙ ነው። «ይከፍልዎታል» የምትለው አንዲት ቃል ከፋዩንም ተቀባዩንም በአንድ ላይ ትሸከማለች። ግሡን ወደ ስም የሚለውጥ አሳጣሪ ያሳጠረ ይመስለዋል እንጂ፣ ቋንቋው በአንድ ቃል የሰጠውን ሁለት ተዋዋይ ጥሎ ቃሉን ብቻ አስቀርቷል። ከእንግሊዝኛው የውል ቋንቋ የሚወረሰው የስም ክምችት በአማርኛ ሲሰፍር የበለጠ የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የቃላት ምርጫ ነው። «ማስጠንቀቂያ» በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የታወቀ ቃል ነው፤ በዕለታዊ ንግግር ግን በይበልጥ የሚታወቀው አለቃ ላጠፋ ሠራተኛ የሚሰጠው ተግሣጽ ሆኖ ነው። ተግሣጽ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ «የ7 ቀን ማስጠንቀቂያ» የሚለውን ያነበበ ሠራተኛ እርሱ ራሱ ለአሠሪው የሚሰጠው ነገር መሆኑን ላይገምት ይችላል። «የሙከራ ጊዜ» የሚለውም ከአገር ቤት ትርጉሙን ይዞ ይመጣል። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ሠራተኛውም በዚያ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊለቅ ይችላል። በኬንያ ግን ሙከራው እስከ ስድስት ወር ይዘልቃል፤ ለቃቂውም ቢያንስ ሰባት ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ቃሉ አንድ፣ ግዴታው ሁለት ነው።

ሦስተኛው የቀን ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ሥራ ጀመረ እንበል፤ ይህም ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ስድስቱ ወር በውሉ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2026፣ ማለትም የካቲት 21 ቀን 2018 ያበቃል። ሠራተኛው ግን «6 ወር» የሚለውን በለመደው አቆጣጠር ቆጥሮ ጳጉሜን ቢዘል፣ ሙከራው የካቲት 25 የሚያበቃ ይመስለዋል። ልዩነቱ አራት ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ፣ የካቲት 23 ቀን፣ «በሙከራ ላይ ነኝ» ብሎ በሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ ቢለቅ፣ 21 ቀን ይጎድለዋል። የወር ደመወዙ 30,000 ሽልንግ ቢሆንና የቀኑ ሒሳብ ለ30 ተካፍሎ ቢሰላ፣ ዕዳው 21,000 ሽልንግ ይደርሳል።

ስለዚህ ያው አንቀጽ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ሥራ የሚጀምሩት ነሐሴ 26 ቀን 2017 (ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025) ነው። የሙከራ ጊዜዎ የካቲት 21 ቀን 2018 (ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2026) ያበቃል፤ እርስዎ ካልተስማሙ አይራዘምም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራውን መልቀቅ ከፈለጉ፣ ከ7 ቀን በፊት ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቅ አለብዎት። አሠሪው ሊያሰናብትዎ ከፈለገ፣ ከ7 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ወይም የ7 ቀን ደመወዝ ለእርስዎ መክፈል አለበት። ከየካቲት 22 ጀምሮ ሁለታችሁም ማሳወቅ ያለባችሁ ከ28 ቀን በፊት ነው። ከዚያ ባነሰ ጊዜ አሳውቀው ከለቀቁ፣ የጎደለውን ቀን ደመወዝ እርስዎ ለአሠሪው ይከፍላሉ። አሠሪው እንዲሁ ቢያደርግ እርሱ ይከፍልዎታል።»

እዚህ ላይ «አለብዎት» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ የሕግ አጻጻፍ «አሠሪው ይከፍላል» የሚለው የትንቢት ግሥ ግዴታን ያመለክታል፤ ተራ አንባቢ ግን ወደፊት የሚሆን ነገር የተነገረው ሊመስለው ይችላል። የጊዜ ገደብ ባለበት ቦታ ግዴታው በግልጽ ቢጠራ ይመረጣል። ቅጣቱ አስቀድሞ ከተጠራ ግዴታ ጋር ሲያያዝ ግን «ይከፍላሉ» ብቻውን ይበቃል።

ይህ አጻጻፍ ከመጀመሪያው በብዙ ይረዝማል፤ ይህም እንደ ነቀፋ ሊነሣበት ይችላል። ሆኖም ማሳጠር የሚገባው አንባቢውን ለምንም ነገር የማያስገድዱ አንቀጾችን በመተው እንጂ፣ የሚያስገድደውን ግሥ በመቆራረጥ አይደለም። ወሰኑም መታወቅ አለበት፤ ውሉ ራሱ አሻሚ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሙከራው በራሱ ያበቃል ወይስ የማጽደቂያ ደብዳቤ ያስፈልገዋል የሚለውን ካልተናገረ፣ አሳጣሪው ከራሱ ፍርድ ሊሰጥ አይገባውም። የውሉን ቃል እንዳለ አስፍሮ፣ ሠራተኛው ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ ብሎ ሊያመለክትለት ይገባል።

የመግለጫው ፈተና ቀላል ነው። ውሉን ያላየ ሰው መግለጫውን ብቻ አንብቦ «ዛሬ ብለቅ ማን ለማን ስንት ይከፍላል?» ለሚል ጥያቄ መልስ መስጠት ካልቻለ፣ ጉድለቱ ከአንባቢው ሳይሆን ከመግለጫው ነው።